ኮል ቱ አክሽን ምንድን ነው? በሽያጭ ቪዲዮ ውስጥስ መቼ ይምጣ?

የሽያጭ ቪዲዮ አንድ ቦታ ላይ ተመልካቹን "አሁን ይህን አድርግ" ማለት አለበት። ይመዝገቡ፣ ይዘዙ፣ ከታች ያለውን ሊንክ ይጫኑ። ኮል ቱ አክሽን የሚባለው ይህ ነው። በሙያው ውስጥ ያሉት አሳጥረው ሲቲኤ ይሉታል። እኔ እዚህ ጥሪ እለዋለሁ።

ጥሪውን መጻፍ ብዙም አያስቸግርም። የሚከብደው ቦታውን ማግኘት ነው። አብዛኛው ሰው ብዙ ሳያስብበት መጨረሻ ላይ ያስቀምጠዋል። ችግሩ፣ እዚያ ድረስ የሚቆየው ተመልካች ጥቂት ነው። ሰው ከመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ጀምሮ እየተንጠባጠበ ይወጣል። "ስለተከታተላችሁን እናመሰግናለን" የሚል ድምፅ ሲሰማ ደግሞ የቀረውም ይነሳል። ከስንብት በኋላ የመጣ ጥሪ ሰሚ የለውም።

ታዲያ መጀመሪያ ላይ ይሁን? መጀመሪያ ላይ ሰው አለ፣ ፍላጎት ግን ገና የለም። ምን እንደሚሸጥለት እንኳን ያልገባውን ሰው ግዛ ብንለው መሸሹ አይቀርም።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች በተቃራኒ አቅጣጫ ይጓዛሉ። ቪዲዮው በገፋ ቁጥር የተመልካቹ ብዛት ይወርዳል፣ የቀረው ሰው ፍላጎት ግን ይጨምራል። ነገሩ እንዲታይ ለምሳሌ ያህል ቁጥር እንስጠው። 1,000 ሰው የ4 ደቂቃ ቪዲዮ ጀመረ እንበል። በ30ኛው ሰከንድ 700 ቀርተዋል፤ ከ100 አንዱ ሊንኩን ቢጫን 7 ሰው አገኘን። 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ላይ 400 ቀርተዋል፤ ከ100ው 8 ቢጫኑ 32 ይሆናሉ። 3 ደቂቃ ከ50 ላይ የቀሩት 150 ናቸው፤ ከ100ው 10 ቢጫኑ እንኳ 15 ብቻ ነው። መጨረሻ የደረሱት ከሁሉም የበለጠ አምነዋል። ግን ጥቂት ስለሆኑ ብልጫው መሀል ላይ ሆነ።

ያ ትክክለኛ ቦታ በደቂቃ አይለካም። ተመልካቹ በልቡ የያዘው ትልቁ ጥያቄ መልስ ያገኘበት ቅጽበት ነው። ከዚያ በፊት ከጠራነው ችኮላ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዝም ብለን ከቀጠልን ደግሞ ያመነውን ሰው መልሰን እናሰለቸዋለን።

እዚያ ቅጽበት የሚያደርሰው መንገድ አዲስ ፈጠራ አይደለም። በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ንግግር ያስተምር የነበረው አለን ሞንሮ በ1930ዎቹ በአምስት ደረጃ አስቀምጦታል። ትኩረት መሳብ፣ ችግሩን ማሳየት፣ መፍትሔውን መስጠት፣ መፍትሔው ሲሠራ ምን እንደሚመስል በዓይነ ሕሊና ማስቃኘት፣ ከዚያ ወደ ድርጊት መጥራት። የዛሬ የሽያጭ ቪዲዮዎችም በአብዛኛው በዚሁ መንገድ ይሄዳሉ። ሰው የሚሳሳተው በቅደም ተከተሉ ሳይሆን ለእያንዳንዱ በሚሰጠው ጊዜ ነው።

አንድ ምሳሌ ይዘን እንሂድ። ለአነስተኛ ነጋዴዎች የሂሳብ መመዝገቢያ አፕ የሚሸጥ ቪዲዮ አለ እንበል። የመጀመሪያው ስክሪፕት 4 ደቂቃ ነው። ከዚህ ውስጥ ከ1 ደቂቃ በላይ የሚወስደው ችግሩ ነው። ደብተር ይጠፋል፣ ዱቤ ይረሳል፣ ቆጠራ አይገጥምም፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም። ነጋዴው ይህን ሁሉ ያውቀዋል። አንዱን ሲሰማ "ልክ ነው" ይላል፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ ግን "እሺ፣ ታዲያ ምን ይሁን?" ይላል። ያን ጊዜ መልሱ ካልመጣ ይሄዳል።

ስክሪፕቱን እንደገና ስንሠራው እንዲህ ሆነ። በመጀመሪያዎቹ 10 ሰከንዶች አንድ ጥያቄ ብቻ፦ "በዱቤ የሰጠኸውን ዕቃ ሁሉ ታስታውሰዋለህ?" ከዚያ ለ25 ሰከንድ አንድ ትዕይንት፦ ደንበኛ "ከፍያለሁ" ይላል፣ ነጋዴው ደብተሩን ያገላብጣል፣ አያገኘውም። አንድ ችግር በደንብ ከታየ ሌሎቹን ተመልካቹ ራሱ ይሞላቸዋል። ቀጥሎ ለ45 ሰከንድ ስልኩ ራሱ ይታያል፣ ዱቤው ሲመዘገብና በኋላ ተፈልጎ ሲገኝ። እዚህ ላይ አልቸኩልም። ቪዲዮ ከጽሑፍ የሚበልጠው ነገሩ ሲሠራ ማሳየት ስለሚችል ነው። ከዚያ 30 ሰከንድ ለአንድ ተጠቃሚ፣ "ጥሩ ነው" እንዲል ሳይሆን በአፑ ምን እንዳደረገ እንዲናገር።

አሁን 1 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ ላይ ነን። ብዙ ቪዲዮዎች እዚህ ዘለው ወደ ዋጋ ይገባሉ። ነጋዴው ግን አንድ ነገር ገና በልቡ አለ፦ "ስልኬ ቢጠፋስ?" ይህ ሳይመለስ የሚመጣ ጥሪ ግድግዳ ይገፋል። 20 ሰከንድ ሰጥተን መዝገቡ ከስልኩ ውጭም እንደሚቀመጥ፣ በአዲስ ስልክ እንዴት እንደሚመለስ እናሳያለን። ዋጋውን ወዲያው እንናገርና ጥሪው ይመጣል፦ "ከታች ያለውን ሊንክ ተጫንና የመጀመሪያውን ዱቤ ዛሬ መዝግብ።" አንድ ድርጊት ብቻ። "ላይክ አድርጉ፣ ለጓደኛ አጋሩ፣ ደውሉልን" የሚለው ሁሉ አብሮ ከመጣ ተመልካቹ የትኛውን እንደሚያስቀድም ግራ ይገባዋል።

ከጥሪው በኋላ ቪዲዮው ወዲያው ባያልቅ እመርጣለሁ። የሚያመነታ ሰው አሁንም አለ። ለእሱ አንድ የቀረች ስጋት፣ ለምሳሌ "መጠቀም ይከብደኝ ይሆን?" የምትለዋን በ20 ሰከንድ እንመልስና ያንኑ ጥሪ በዚያው ቃል እንደግማለን። አዲስ ነገር ግን አንጨምርም። እዚያ ላይ ሌላ አገልግሎት ማስተዋወቅ ወስኖ የነበረውን ሰው እንደገና ሐሳብ ውስጥ ይከተዋል።

ይህ ሁሉ ለማያውቀን ሰው ነው። ምርቱን የሚያውቅ፣ ገጹን ቀደም ብሎ የጎበኘ ሰው የሚያየው ቪዲዮ ከሆነ ረጅሙ መንገድ ያሰለቸዋል። ለእሱ ጥሪው በመጀመሪያዎቹ 15 ሰከንዶች ቢመጣም ችኮላ አይባልም። ሁለቱን ሰዎች በአንድ ቪዲዮ ለማስደሰት ከመሞከር ሁለት ቪዲዮ መሥራት ይሻላል።

ቦታው መሳሳቱ በምን ይታወቃል? በዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ በየሰከንዱ ምን ያህል ተመልካች እንደቀረ የሚያሳየውን፣ Audience retention የሚለውን ግራፍ ክፈቱና ጥሪው ያለበትን ሰከንድ ፈልጉ። ከዚያ በፊት መስመሩ ብዙ ከወረደ መንገዱ ረዝሟል፤ መቁረጫው የሚወርድበት ቦታ ነው። ሰው እያለ ሊንኩን የሚጫን ከሌለ ግን ያልተመለሰ ጥያቄ አለ፣ ወይም ጥሪው ግልጽ አይደለም። ብዙዎች ተጭነው ሳይገዙ ከተመለሱ ደግሞ ጥሪው ቀድሞ መጥቶ ሊሆን ይችላል፤ ለማየት እንጂ ለመግዛት አልሄዱም። የተከፈተላቸው ገጽ ከቪዲዮው ጋር የማይገጥም ሆኖም ይሆናል፣ እሱንም እዩት።

አንድ ነገር ላይ ግን አትደናገጡ። ልክ በጥሪው ሰከንድ መስመሩ ድንገት ሲወርድ ሰው ሸሸ ብለው ጥሪውን ወደ መጨረሻ የሚመልሱ አሉ። ሊንኩን የተጫነም ሰው ቪዲዮውን ትቶ ነው የሚሄደው። ከመቁረጣችሁ በፊት ሊንኩን የተጫኑትን ሰዎች ቁጥር ከግራፉ ጎን አስቀምጡና አስተያዩ። ቁልቁለቱ የገዢዎቹ ሊሆን ይችላል።