«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ»፦ በአሞሌ ነጋዴ ዓይን ሲታይ

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነው ብለው ይጥሉሃል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ምክር አልቀበል ላለ ወይም በችሎታው ለሚለግም ሰው ነው። ሰሚው የሚረዳውም «ጥቅምህን ካላሳየህ ከሰው ቁጥር ትወጣለህ» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ነው። ይህ ትርጓሜ ትክክል ነው፤ ሆኖም በላስቲክ ታሽጎ ከሱቅ የሚገዛውን የደቀቀ ጨው እያሰበ ምሳሌውን የሚሰማ ሰው ድንጋዩ ከየት እንደመጣ አይገባውም። ደቃቅ ጨው ቢበዛ ከስኳር ጋር ይምታታ ይሆናል እንጂ ከድንጋይ ጋር ሊምታታ አይችልም። ምሳሌው የሚናገረው ስለ ሌላ ጨው ነው፤ እርሱም አሞሌ ነው።

አሞሌ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር፣ ከዳሎል አካባቢ የጨው ሜዳ ላይ በመጥረቢያና በእንጨት እየተፈነቀለ ከተነሣ በኋላ በጠራቢዎች እጅ ተስተካክሎ የሚወጣ የጨው ዘንግ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ርዝመቱ አንድ ስንዝር ተኩል፣ ስፋቱ አራት ጣት፣ ውፍረቱም ሦስት ጣት እንደነበረ ጽፏል። ቀለሙ አመድማ ሲሆንና በመንገድ አቧራ ሲለብስ፣ የማያውቀው ሰው ቢላ የሚሳልበት ድንጋይ ነው ቢል አይፈረድበትም። ይህ ዘንግ ለወጥ ብቻ የተሠራ አልነበረም፤ ከገበያ ገበያ እየተቆጠረ የሚሰጥ ገንዘብ ነበር።

የአልቫሬዝ ምስክርነት ይበልጥ የሚጠቅመን ስለ ዋጋው በሚናገርበት ቦታ ነው። ጨው በሚወጣበት ስፍራ ለአንድ ድራም ወርቅ ከ120 እስከ 130 አሞሌ ይሰጥ ነበር። የአንድ ቀን መንገድ ያህል ርቆ ባለው ገበያ ከዚያ ቁጥር አምስት ወይም ስድስት ይቀነሳል፤ እንዲህ ከገበያ ወደ ገበያ እየቀነሰ ሄዶ ንጉሡ ከሰፈረበት ሲደርስ ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ብቻ አንድ ድራም ያወጣል፤ በክረምት ደግሞ አምስት ሆኖ አይቶታል። ጨዉ ያው ነው፤ ጣዕሙም አልተለወጠም። በዋጋው ላይ የተጨመረው የአህያው ድካም፣ የኬላው ቀረጥ፣ የገደሉና የወንዙ ሥጋት ነው። ስለዚህ ነጋዴው ከሩቅ ያመጣውን አሞሌ መጨረሻ ላይ አንድ ሰው «ድንጋይ ነው» ብሎ ቢጥልበት የሚከስረው የጨውን ዋጋ ሳይሆን የመንገዱን ሁሉ ዋጋ ነው።

ይህን በሰው አፍ ለማሳየት ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ከከተማዋ ጫፍ የሚታየው የረር ተራራ አካባቢ፣ አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ በፊት ሮጌ የሚባል ትልቅ ገበያ ነበር። ከሰሜን ጨው የጫነው ሲራራና ከግቤ ማዶ ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ ይዞ የሚመጣው ነጋዴ እዚያ ይገናኙ ነበር። (ባሪያም በዚያው መንገድ ይነዳ እንደነበረ ሳይነገር መታለፍ የለበትም።) የሚከተለውን ንግግር ያዘጋጀሁት ምሳሌውን ለማስረዳት ነው፤ ተናጋሪዎቹ አንድ ሽማግሌ ባለጨውና አንድ ወጣት ባለቡና ናቸው።

«እንደምን ሰነበቱ አባቴ? መንገዱስ እንዴት ነበር?»

«ይመስገነው ልጄ፤ ደኅና ገባን። ከወሎ ስንነሣ ሠላሳ አህያ ነበረን፤ ሁለቱ ገደል ገቡብን። ከገደሉ ይልቅ የጎዳን ግን ኬላው ነው። በየኬላው ከጭነቱ አሞሌ እየመዘዙ ያስቀራሉ፤ የሚመዝዙትም ጠርዙ ያልተነካውን መርጠው ነው። አንተስ ምን ይዘህ ወጣህ?»

«ከሊሙ ቡናና ዝባድ ይዣለሁ። ዝባዱ በቀንድ ተሞልቶ አፉ በቆዳ ታስሯል፤ እርሱን ወደ ባሕር ለሚወርድ ሰው በማርትሬዛ ብር እሸጠዋለሁ። ቡናውን ግን ለእርስዎ በአሞሌ እለውጥዎታለሁ።»

«እንግዲያስ ልቁጠርልህ። የዛሬው ገበያ ለአንድ ብር ሃያ አሞሌ ነው።»

«በዋጋው አልከራከርዎትም፤ ከግቤ ማዶ ስሻገር ያንኑ አንድ ብር ከሃያው ባነሰ አሞሌ አገኘዋለሁ። ነገር ግን አንድ በአንድ ሳላይ አልረከብም። ይኸውና ይህኛው ጫፉ ተሸርፏል። ይህኛው ደግሞ በአንድ ጎኑ ረጥቦ ደርቋል፤ በጥፍሬ ስፍቀው አፈር አፈር ይላል።»

«ጨው አይደለም ልትለኝ ነው? ቅመሰው እንጂ!»

«እኔማ እቀምሰዋለሁ አባቴ። ከግቤ ማዶ ያለው ገዢ ግን በዓይኑ አይቶ ነው የሚፈርደው። እርሱ ድንጋይ ነው ብሎ ከመለሰብኝ ያን ሁሉ አገር የተሸከምኩት ምን ሊሆን ነው? የተሸረፉትን ለከብትና ለወጥ ይሆናሉና በግማሽ ዋጋ ልውሰድልዎ፤ ከገንዘቡ ጋር ግን አይቁጠሩብኝ።»

«እሺ፣ ይሁን። አንተም አንድ ነገር ልብ በል፤ አዋሽ ሳይሞላ ተሻገር። ሳትሸጠው የቀረህን አሞሌ ደግሞ ክረምቱን መሬት ላይ እንዳታሳድረው፤ ከምድጃው በላይ ቆጥ ላይ ስቀለውና ጢስ ይምታው። ሲራራው በዝናብ ሲቆም ጨው ይወደዳል፤ በደረቁ ያቆየ ሰው ያን ጊዜ ያተርፋል።»

«ምክርዎን ተቀብያለሁ። እርስዎም ለዝባድ ከሚመጡት ሰዎች ብር ሲቀበሉ በብሩ ላይ በተቀረጸችው ንግሥት ጌጥ ላይ ያሉትን ፈርጦች ይቁጠሩ። ፈርጡ የተፋቀውን ብር፣ ብርነቱ ባይጠፋም፣ በእኛ አገር የሚቀበለው የለም።»

በዚህ ንግግር ውስጥ ባለጨው ጨዉ ጨው መሆኑን በማስቀመስ ሊያስረዳ ይሞክራል፤ ባለቡናው ግን ጣዕም ብቻውን እንደማይበቃ ያውቃል። ኪሳራውን በቁጥር እንየው። አንድ አህያ መቶ አሞሌ ጭኖ ሮጌ ደረሰ እንበል። ሁሉም ሙሉ ከሆነ በሃያ ሒሳብ አምስት ብር ያወጣል። ሃያዎቹ ተሸርፈው በግማሽ ዋጋ ቢሄዱ አራት ብር ተኩል ብቻ ይገኛል፤ ሃያዎቹ ረጥበው ፈጽሞ ባይፈለጉ ደግሞ አራት ብር። አህያው የበላው ገለባ፣ የተከፈለው ቀረጥና የጫኞቹ ድካም ግን ለሙሉውም ለተበላሸውም እኩል ወጥቷል። ነጋዴዎች አሞሌውን በልጥና በገመድ አጥብቀው ያስሩ የነበረውም፣ እርስ በርሱ እየተጋጨ እንዳይሸራረፍ ነው።

የረጠበው አሞሌ «አፈር አፈር» ማለቱም እንዲሁ የመጣ አይደለም። ከመሬት የሚፈነቀል ጨው ውስጥ ጭቃና ሌላ ማዕድን ሊገባበት ይችላል። ውኃ ሲነካው ቀድሞ ሟሙቶ የሚሄደው ጨዉ ራሱ ነው፤ የማይሟሟው ግን በቦታው ይቀራል። ደጋግሞ የረጠበ አሞሌ መልኩን እንደያዘ ጣዕሙን ሊያጣ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ነገር ድንጋይ ቢባል ስም ማጥፋት አይሆንም።

ወንጌልን የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ «እናንተ የምድር ጨው ናችሁ» የሚለውን የማቴዎስ ምዕራፍ 5 ቃል ማስታወሱ አይቀርም። በዚያም አልጫ የሆነ ጨው ወደ ውጭ ተጥሎ በሰው ይረገጣል። ምሳሌያችን ከዚህ ቃል ጋር ይዛመዳል ብዬ አምናለሁ፤ በአገራችን ቅዱስ መጽሐፍ ያልነካው የአነጋገር ዘርፍ ጥቂት ነውና። ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም። የወንጌሉ ጨው የሚጣፍጠው ለሌላው፣ ለምድር ነው። የእኛው ግን «ለራስህ ስትል» ተብሎ ይመከራል። በእኔ አስተያየት ይህ የገበያ ሰው አነጋገር ነው። ገበያ ላይ አሞሌውን ማንም አያዝንለትም፤ ገዢው ትቶት ወደሚቀጥለው ይሄዳል። የሚጎዳው የተጣለው ብቻ ነው። «ድንጋይ ነው ብለው» የሚለውም ልብ ሊባል ይገባል፤ ፈራጆቹ ብዙ ናቸው፣ ስማቸውም አይታወቅም። አሞሌ ገንዘብ ሆኖ የሚዘልቀው የሚቀጥለው ሰው፣ ከእርሱም በኋላ ያለው ሰው እስከተቀበለው ድረስ ነበርና።

ከዚህ የተነሣ ምሳሌውን «ጎበዝ ሁን» ከሚል ተራ ምክር ጋር እኩል ማየት የሚያሳንሰው ይመስለኛል። ምሳሌው የሚነገረው ዋጋ ለሌለው ሰው አይደለም፤ ጨው ተብሎ ለተጠራ፣ ብዙ ተደክሞበት እዚህ ለደረሰ፣ ነገር ግን ዋጋውን በሥራው ለማያሳይ ሰው ነው። ወላጅ አስተምሮት ትምህርቱን ለሚያቃልል ልጅ፣ ወይም ሙያውን እያወቀ ለሚለግም ሠራተኛ ሲነገር ልክ ቦታውን ያገኛል። ገና ምንም ላልተማረ ጀማሪ ሲነገር ግን ያለ ቦታው ገባ ማለት ነው።

አሞሌ ራሱ ከገበያ የወጣው ቀስ በቀስ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. በስማቸው ብር ካስመቱም በኋላ ለብዙ ዓመታት እንደ ዝርዝር ገንዘብ ይሠራበት ነበር። የባቡር ሐዲዱ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ጨው በአህያ ጀርባ ከሚመጣበት ዋጋ እጅግ በረከሰ ዋጋ ከባሕር ዳርቻ መጫን ተቻለ። የሮጌም ነጋዴዎች ቀደም ብለው ወደ አዲሲቱ ከተማ ገበያ ተሳቡ።

በአነጋገር ሥርዓት በኩል አንድ የሚጠነቀቁለት ነገር አለ። ምሳሌው በ«አንተ» የሚነገርና ማስፈራሪያም ያዘለ በመሆኑ ታናሽ ለታላቁ በቀጥታ አይናገረውም። ለሴት ሲነገርም «ጣፍጪ» ተብሎ አይለወጥም፤ የተጠራው ጨዉ ነውና ቃሉ እንዳለ ይቀራል። ታላቅን ሰው ማስታወስ ያስፈለገው ሰው «ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይባል የለ?» ብሎ በጨዋታ መካከል ጣል ያደርገዋል፤ ሰሚውም ለማን እንደተባለ ሳይነገረው ይረዳል።