የአቅራቢውን ሞደም ወደ ብሪጅ ሞድ መቀየር

ኢንተርኔት አቅራቢው የሚሰጠን የፋይበር ሞደም ሁለት ሥራ ደርቦ ይሠራል። የፋይበሩን ብርሃን በኔትወርክ ገመድ ወደሚሄድ ምልክት ይለውጣል፤ ራውተር ሆኖም ለቤቱ ስልክና ኮምፒውተር አድራሻ ያድላል። ብሪጅ ሞድ ሁለተኛውን ሥራ ማስተው ነው።

በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በአያትና በለገጣፎ በኩል፣ ጉዳዩን ብዙ ጊዜ የሚያመጣው የግቢው አሠራር ነው። አንድ ቤት እናስብ። ፋይበሩ በአጥር ገብቶ ሰርቪስ ቤት ያልቃል። ዋይፋዩ ትልቁ ቤት ሳይደርስ ይደክማል። ባለቤቱ ጥሩ ራውተር ገዝቶ 25 ሜትር ገመድ ይስብና ሳሎን ያስቀምጠዋል። ዋይፋዩ ተስተካከለ፤ ግን አሁን ራውተር በራውተር ላይ ተደርቧል። የአዲሱ ራውተር WAN አድራሻ፣ ማለትም ከሞደሙ የሚቀበለው፣ በ192.168 ከጀመረ ምልክቱ ይኸው ነው። ፊልም ለማየት አያስቸግርም። የግቢውን ካሜራ ከውጭ ለማየት ግን ፖርት ሁለት ቦታ መክፈት ይጠይቃል። (ዋይፋይ ብቻ የቸገረው ሰው አዲሱን ራውተር ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭ አክሰስ ፖይንት ቢያደርገው ይበቃዋል።)

መስመሩ በPPPoE፣ ማለትም አቅራቢው ዘንድ በዩዘርኔምና በፓስወርድ፣ የሚገባ ከሆነ ቅድሚያ የሚያዘው ዩዘርኔምና ፓስወርዱ ነው። ፓስወርዱ ሞደሙ ገጽ ላይ በኮከብ ተሸፍኖ ስለሚታይ አቅራቢውን መጠየቅ ግድ ነው። ሳይያዝ ሞደሙን የነካ ኢንተርኔት አልባ ሆኖ ያድራል።

በብዙ የሁዋዌ ሞደሞች ገጹ 192.168.100.1 ላይ ይከፈታል። WAN የሚለው ውስጥ አንዳንዴ ሁለት መስመር አለ። VOIP የሚለው የቤት ስልኩ ስለሆነ አይነካም። INTERNET የሚለውን በስልክ ፎቶ አንስቶ ከ`Route WAN` ወደ `Bridge WAN` መቀየርና LAN1ን ምልክት ማድረግ ነው። የVLAN ቁጥሩ እንዳለ ይቀመጥ። ለደንበኛ የተሰጠው መግቢያ ይህን ካልፈቀደ የሚቀይረው አቅራቢው ነው። ከዚያ የሞደሙ ዋይፋይ ይጠፋል፤ ከLAN1 የሚወጣው ገመድ አዲሱ ራውተር WAN ላይ ይሰካል፤ እዚያም PPPoE ተመርጦ ዩዘርኔምና ፓስወርዱ ይጻፋል።

ፓስወርዱ ትክክል ሆኖ አልቀበልም ካለ፣ አቅራቢው ዘንድ የድሮው ግንኙነት ገና አልተዘጋ ይሆናል። ሞደሙን ለጥቂት ደቂቃ አጥፍቶ መሞከር ነው። አንዳንድ ድረ ገጽ ተከፍቶ ሌላው አልከፈት ካለ ደግሞ MTU፣ ማለትም በአንድ ጊዜ የሚላከው የዳታ ጥቅል ትልቁ መጠን፣ ይታይ። PPPoE ከ1500 ባይት ላይ 8 ስለሚወስድ ቁጥሩ 1492 መሆን አለበት።

ሁሉም ሠርቶ ካሜራው ከውጭ እምቢ የሚልበት ጊዜም አለ። የራውተሩ WAN አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ውስጥ ከጀመረ፣ አቅራቢው ራሱ አንዱን የሕዝብ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እያካፈለ ነው። ይህን ብሪጅ ሞድ አይፈታውም፤ የራስን የሕዝብ አድራሻ ከአቅራቢው መጠየቅ ያስፈልጋል።