የውሃ ድርጅቱ የቢል ስህተት፣ የእናንተ ቅጣት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ቆጣሪው ተሳስቶ ከተነበበ በሚቀጥለው ወር ራሱ ይካካሳል፤ ምን አጨቃጨቀኝ?»

ይህን አንዳንዴ የቢሮ ሠራተኞች ራሳቸው ይሉታል። ግማሽ እውነት ስላለው ነው የሚያሳስተው።

አንድ የውሃ ቢል እንውሰድ። ያለፈው ወር ንባብ 1,248 ነበር። የዚህ ወር ትክክለኛው ንባብ 1,269 ሆኖ ሳለ አንባቢው ቁጥር አገላብጦ 1,296 ብሎ ጻፈ። የተጠቀማችሁት 21 ሜትር ኩብ ነው፤ ቢሉ ግን 48 ይላል። በቀጣዩ ወር ንባቡ 1,290 ቢሆን ሲስተሙ ከ1,296 ጋር ያነጻጽረውና ከዜሮ በታች 6 ይወጣል። ስለዚህ በሜትር ኩብ ደረጃ እውነትም ይካካሳል።

በገንዘብ ግን ላይካካስ ይችላል። ታሪፉ በእርከን የሚጨምር ከሆነ፣ 48ቱ በአንድ ወር ሲታሰብ ከፊሉ ውድ በሆነው እርከን ይገባል። የተሳሳተውን ቢል በቀኑ ሳትከፍሉ ስትቀሩ የሚጣለው ቅጣት ደግሞ ጭራሽ የሚካካስበት መንገድ የለውም።

ስህተቱን ማረጋገጥ ቀላል ነው። ቢሉ እጃችሁ እንደገባ ቆጣሪውን እዩት። ዛሬ 1,274 ላይ ከሆነ፣ ከቀናት በፊት 1,296 ሊነበብ አይችልም፤ ደህና የሆነ ቆጣሪ ውሃ እየተጠቀማችሁ ወደኋላ አይቆጥርም። ንባቡና የቆጣሪው መለያ ቁጥር በአንድ ፎቶ ላይ እንዲታዩ አድርጋችሁ በዚያው ቀን አንሱት። ነገ ዛሬ ሲባል ቆጣሪው 1,296ን ካለፈ ይህ ማስረጃ አመለጣችሁ።

«ሂሳቡ ከታረመ ቅጣቱም አብሮ ይጠፋል።»

ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ዋናው ሂሳብና የዘገየ ክፍያ ቅጣቱ በሲስተሙ ውስጥ ለየብቻ ሊመዘገቡ ይችላሉ። ሠራተኛው ንባቡን ሲያስተካክል ዋናው ይቀንሳል። ቅጣቱን ግን ቀኑ ሲያልፍ ሲስተሙ በራሱ የጣለው ስለሆነ፣ ለይቶ የሚሰርዘው ሰው ከሌለ ባለበት ይቀመጣል። መዘዙ ደግሞ ይቀጥላል። በሚቀጥለው ወር የምትከፍሉት መጀመሪያ ውዝፉን ከሸፈነ አዲሱ ሂሳብ ይጎድላል፤ በጎደለውም ላይ ሌላ ቅጣት ይመጣል።

ስለዚህ ጥያቄውን ሁለት አድርጉት፦ ንባቡ ይታረም፤ በዚህ ስህተት የተነሳ የታሰበው ቅጣት ይሰረዝ። በታረመው ቢል ላይ አዲስ የመክፈያ ቀን እንዲሰጣችሁም ጠይቁ።

«እስኪታረም ድረስ ሰባራ ሳንቲም አልከፍልም!»

ንዴቱ ይገባኛል፤ አካሄዱ ግን ይጎዳል። የ21ዱ ሜትር ኩብ ዕዳ የእናንተው ነው። እሱንም ካቆያችሁት በዚያ ድርሻ ላይ የሚታሰበውን ቅጣት «የድርጅቱ ስህተት ነው» ማለት ይከብዳል። የሚቀበሏችሁ ከሆነ የማያከራክረውን በቀኑ ክፈሉ፤ ደረሰኙንም ያዙ። «ሲስተሙ ከፊል ክፍያ አይቀበልም» ካሏችሁ፣ ለመክፈል መሄዳችሁንና መልሱን በማመልከቻው ላይ ከነቀኑ ጻፉት።

«ደውዬ ነግሬያቸዋለሁ፤ ይበቃል።»

ስልክ ያነሳው ሰው ነገ በቦታው ላይኖር ይችላል። ከደወላችሁ የአቤቱታ ቁጥር ተቀበሉ፤ ከዚያ በጽሑፍ አስገቡ። ረጅም ሐተታ አያስፈልግም፦

«በዚህ ወር ቢል ላይ የተመዘገበው ንባብ 1,296 ነው። ቢሉ ከደረሰኝ በኋላ ያነሳሁት ፎቶ ግን ቆጣሪው 1,274 ላይ መሆኑን ያሳያል። ንባቡ እንዲታረም፣ በተሳሳተው ሂሳብ ምክንያት የተጨመረብኝ የዘገየ ክፍያ ቅጣት እንዲሰረዝልኝና ቀሪ ሂሳቤ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እጠይቃለሁ።»

ከላይ የደንበኛ ቁጥራችሁንና የቢሉን ወር ጨምሩ፤ ቀን ያለበትን ፎቶና ደረሰኙን አያይዙ። በአካል ካስገባችሁ ቅጂው ላይ ማህተም አስመቱ።

«ቅጣት ማንሳት የእነሱ ቸርነት ነው፤ ልለማመጣቸው።»

ቢል ረስቶ ላዘገየ ሰው፣ አዎ፣ ቸርነት ነው። እዚህ ግን የምትጠይቁት እርማት ነው። ልዩነቱ ከክብር ጉዳይ ያለፈ ነው። አንዳንድ ድርጅቶች በልዩ አስተያየት የሚያነሱትን ቅጣት በዓመት አንዴ ብቻ ይፈቅዳሉ። የእነሱ ስህተት በዚያ ስም ከተመዘገበ ዕድላችሁን በከንቱ ጨረሳችሁ፤ ዘግይቶ ከፋይ የሚለው መዝገብም ሊቆይ ይችላል። «ለዚህ ጊዜ ይቅር ብለናችኋል» ሲሏችሁ አመስግኑ፤ ግን የተሰረዘበት ምክንያት «የንባብ ስህተት» ተብሎ እንዲጻፍ ጠይቁ።

«አንዴ ከከፈልኩት አይመለስም።»

አገልግሎት እንዳይቋረጥባችሁ ፈርታችሁ ብትከፍሉም መጠየቅ ትችላላችሁ። ስትከፍሉ አቤቱታ ላይ መሆናችሁን በጽሑፍ አስታውቁ። አብዛኛውን ጊዜ ጥሬ ገንዘብ ከሚመልሱ ይልቅ ከቀጣዩ ሂሳብ ይቀንሱታል። ቀጣዩ ቢል ሲመጣ ከድምሩ በፊት «ያለፈ ቀሪ ሂሳብ» የሚለውን መስመር እዩ፤ ቅናሹ እዚያ ከሌለ የአቤቱታ ቁጥሩን ይዛችሁ ተመለሱ።