የጥሬ ዘንግ ዲያሜትርና የቁራጭ ርዝመት አመራረጥ በቶርኖ ሥራ

በቶርኖ የሚሠራ ክብ ዕቃ ሁሉ ከሥዕሉ ወፍሮና ረዝሞ ነው የሚጀምረው። በዚህ ትርፍ ላይ በአማርኛ የተጻፈ ነገር ብዙም አይገኝም። የብረት ደረጃ ሰንጠረዦች የዘንጉን መጠን ይነግራሉ፤ የመቁረጫ ካታሎጎች የምላጩን ስፋት ይነግራሉ። ሁለቱን አገናኝቶ «ስንት ሜትር፣ በስንት ዲያሜትር ልግዛ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጠው ግን ሁልጊዜም ቶርኖ ላይ የቆመው ባለሙያ ነው። ይህ ጽሑፍ በአንድ ምሳሌ ዙሪያ ይሄዳል። ሲጠናቀቅ ዲያሜትሩ 38 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 60 ሚሊሜትር የሆነ ፒን፣ ብዛቱ 45። ብረቱ በትኩሱ በሮለር ተዳምጦ የወጣ መካከለኛ ካርቦን ያለው ዘንግ ነው።

ዲያሜትሩን መምረጥ

ብዙ ሰው ወደ 38 የሚጠጋውን የገበያ መጠን ፈልጎ 40 ይገዛል። «በዲያሜትር 2 ሚሊ ትርፍ ይበቃል» የሚባል የቆየ አባባልም አለ። ይበቃል አይበቃም የሚለውን ለመፍረድ ትርፉን የሚበሉትን ሦስት ነገሮች ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው የዘንጉ ቆዳ ነው። በትኩሱ የወጣ ብረት ላዩ ላይ ጥቁር ቅርፊት አለው። ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ በእሳቱ ጊዜ ካርቦኑን ያጣ ስስ ንጣፍ ይኖራል። አልፎ አልፎም በዘንጉ ርዝመት የሚሄድ ቀጭን ስንጥቅ አለ። ይህ ሁሉ ተልጦ መውጣት አለበት። በሰፊው የሚሠራበት መመሪያ በአንድ ጎን ከዲያሜትሩ 1.6 በመቶ ያህል ማንሳት ነው። ድኝ የተጨመረበት፣ ለመቁረጥ የሚቀል ብረት ከሆነ ወደ 2.4 በመቶ ይወጣል። ለ40 ዘንግ 1.6 በመቶ ማለት በአንድ ጎን 0.64 ሚሊሜትር፣ በዲያሜትር 1.28 ነው።

ሁለተኛው የዘንጉ የራሱ ልክ ነው። 40 ተብሎ የተሸጠ ዘንግ ልክ 40 መሆን ግዴታው አይደለም። በአውሮፓው ደረጃ EN 10060 መሠረት ከ36 እስከ 50 ሚሊሜትር ያለ ዘንግ 0.8 ሊጎድል ወይም ሊተርፍ ይፈቀድለታል። ስለዚህ በደንቡ 39.2 የሆነ ዘንግ ሻጩን አያስጠይቅም። ኪሳራው የገዢው ነው።

ሦስተኛው ዘንጉ ቻክ ውስጥ ሲያዝ ከመሃል የሚስተው ነው። ባለ ሦስት መንጋጋ ቻክ ፍጹም ክብ ያልሆነን ጥሬ ዘንግ ሲይዝ 0.2 ሚሊሜትር ያህል መሳቱ የተለመደ ነው። አንዱ ጎን በ0.2 ሲወጣ ሌላው በዚያው ልክ ይገባል። ከዲያሜትር ላይ ድርሻው 0.4 ነው።

አሁን እንደምር። 38 ላይ 1.28 ሲጨመር 39.28፣ የልክ ጉድለቱ 0.8 ሲጨመር 40.08፣ የመሳቱ 0.4 ሲጨመር 40.48 ይሆናል። 40 ዘንግ ክፉ ቀን ከገጠመው በግማሽ ሚሊሜትር ይጎድላል ማለት ነው። የሚቀጥለው የተለመደ መጠን 42 ነው። «2 ሚሊ ይበቃል» የሚሉትም ሰዎች ዝም ብለው አይደለም። ዘንጉ እውነት 40 ሆኖ ከመጣ በዚሁ ስሌት 38.32 ላይ ንጹሕ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚሠራውም ለዚህ ነው። ግን 45 ፒን ሲሠራ «ብዙ ጊዜ» በቂ መልስ አይደለም። 42 ዘንግ በሜትር 10.9 ኪሎ ገደማ፣ 40 ደግሞ 9.9 ይመዝናል። በዚህ ሥራ ልዩነቱ በጠቅላላ 3 ኪሎ ያህል ነው። ጥቂት ፒን ተበላሽቶ እንደገና ከመሥራት 3 ኪሎ ብረት ወደ ፍርፋሪ ቢሄድ ይሻላል።

በቀዝቃዛው ተስቦ የወጣ ዘንግ ከተገኘ ነገሩ ይለወጣል። የእሱ ጉድለት h11 በሚባለው የልክ ደረጃ 0.16 ብቻ ነው። በዚያ ሒሳብ የሚያስፈልገው 39.84 ስለሆነ 40 ይበቃል፣ ግን ለጥቂት ነው። ናስና አሉሚኒየም ቅርፊት ስለሌላቸው ትርፋቸው ከዚህም ያንሳል።

ረጅም ዕቃ ላይ የዘንጉ መጉበጥ አራተኛ በላተኛ ሆኖ ይመጣል። የጉብጠቱ መጠን ከርዝመቱ ጋር እኩል አይሄድም። በእኩል ቅስት የጎበጠ ዘንግ በግማሽ ርዝመት ሲቆረጥ ጉብጠቱ ሩብ ይሆናል። በ1 ሜትር 4 ሚሊሜትር የጎበጠ ዘንግ ከ500 ሚሊሜትር ቁራጭ ላይ 1 ሚሊሜትር ይጎብጣል። በሁለት ማዕከል መካከል ተይዞ ሲዞር ይህ በዲያሜትር 2 ሚሊሜትር ይበላል። እንደኛ ፒን ባለ አጭር ዕቃ ላይ ግን ከቁጥር አይገባም።

ትርፉ ሳይበቃ ሲቀር

ትርፍ ሲያንስ ምልክቱ በዓይን ይታያል። ፒኑ ልኩ ላይ ደርሶ ላዩ ላይ ጥቁር ጠባሳ ይቀራል። የጠባሳው ቅርጽ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ይናገራል። ዙሪያውን በሙሉ ጥቁር ከቀረ ዘንጉ ከልኩ በታች ነበር። በአንድ ጎን ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከቀረ ቻኩ ስቷል ወይም ዘንጉ ክብ አልነበረም። በአንድ ጎን መሃል ላይ ብቻ ከቀረ ጎብጧል። ቀጥ ያለ ቀጭን መስመር ከሆነ ግን ስንጥቅ ነው። ጥልቀቱ ስለማይታወቅ ያን ዕቃ ጭነት ለሚሸከም ቦታ መስጠት ስህተት ነው።

የማይታየው ጥፋት የባሰ ነው። ካርቦኑን ያጣው ንጣፍ ሳይነሳ ቢቀርም ላዩ ሊያበራ ይችላል። የሚጋለጠው ዕቃው ከተሞቀና ውኃ ወይም ዘይት ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። ሞረድ ሲያስኬዱበት መንሸራተት ሲገባው ይነክሳል። ለማጠንከር የሚሄድ ዕቃ ላይ የቆዳውን ትርፍ መቆጠብ የሌለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ርዝመቱን ማስላት

ርዝመቱን ከመደመር በፊት አንድ ጥያቄ አለ። የተመረጠው ዘንግ በስፒንድሉ ቀዳዳ ያልፋል? 42 ዘንግ ተርፎ 42.8 ሊሆን ስለሚችል የቶርኖው ቀዳዳ 40 ከሆነ አይገባም። ያኔ እያንዳንዱን ቁራጭ በመጋዝ ቆርጦ ማምጣት ግድ ነው። ቀዳዳው 52 ከሆነ ዘንጉን ከኋላ አስገብቶ በምላጭ እየቆረጡ ማውጣት ይቻላል። ዲያሜትሩ መጀመሪያ መወሰን ያለበት ለዚህ ነው፤ የርዝመቱን ስሌት እሱ ይወስነዋል።

በምላጭ ሲቆረጥ ለአንድ ፒን የሚወጣው እንዲህ ይሰላል። ዕቃው ራሱ 60 ነው። የፊት ገጹን ለማጽዳት 0.5፣ የኋላ ገጹን ለማጽዳት 0.5 ይጨመራል። ምላጩ 3 ሚሊሜትር ስፋት ካለው የሚበላው 3 ነው። ድምሩ 64 ይሆናል። የምላጩም ስፋት ዝም ብሎ አይመረጥም። 42 ዘንግ ለመቁረጥ ምላጩ 21 ሚሊሜትር ይገባል። ጥልቀቱ ከስፋቱ 8 እጥፍ እንዳይበልጥ የሚል ልማድ አለ። በ3 ሚሊሜትር ምላጭ 7 እጥፍ ነው፣ ያልፋል። ብረት ለመቆጠብ ብሎ 2 ሚሊሜትር ማሰር ግን ከ10 እጥፍ በላይ ያደርገዋል፤ ምላጩ ይጎብጣል። ሲጎብጥ ገጹ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ያብጣል፣ ለማጽጃ የተያዘው 0.5ም በዚያ ያልቃል። ቀጥ ያለ ማስመሪያ ገጹ ላይ አስደግፎ ከሥሩ ብርሃን ከታየ ይኸው ደርሷል።

አሁን 1 ሜትር ዘንግ እንውሰድ። መንጋጋው የሚይዘው 30፣ ምላጩ መንጋጋውን እንዳይነካ የሚተወው 10፣ በጠቅላላ 40 ሚሊሜትር ሥራ ላይ አይውልም። የዘንጉን የመጀመሪያ ጫፍ ለማቃናት 3 ይሂድ። የሚቀረው 957 ነው። ለ64 ሲካፈል 14 ፒን ይወጣል። አሥራ አምስተኛው በ3 ሚሊሜትር ይጎድላል!

ምላጩን የረሳ ሰው በ61 ያካፍልና 15 ይላል። ከሦስት ዘንግ 45 ይጠብቃል፤ የሚያገኘው ግን 42 ነው። ይህን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። የተሰማኝ የመጨረሻው ዘንግ ቻኩ ላይ ካለቀ በኋላ ነው፤ ለሦስት ፒን ብዬ እንደገና ብረት ፍለጋ ወጣሁ። መፍትሔው ቀላል ነበር። ሦስቱንም ዘንጎች በ1003 ማስቆረጥ፣ ትንሽ መተንፈሻ እንዲኖረው ደግሞ በ1005። መጋዙ ለእያንዳንዱ ቆረጣ 1.5 ይብላ ብንል ከረጅሙ ዘንግ የሚወጣው 3.02 ሜትር ያህል ነው።

ዘንግ ከስፒንድሉ ኋላ ሲወጣ ድጋፍ ካላገኘ በፍጥነት ሲዞር ጎብጦ ይገርፋል። ሰው ይገድላል። ለዚህ ነው 3 ሜትሩን በአንድ ላይ የማይከቱት።

በመጋዝ ሲቆረጥስ? የባንድ መጋዝ 1.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሚበላ ብዙ የሚቆጥብ ይመስላል። ግን መጋዝ ቀጥ ብሎ አይቆርጥም። 40 ሚሊሜትር ዲያሜትር ላይ 1 ዲግሪ ቢያዘነብል ገጹ በ0.7 ሚሊሜትር ይዛባል። ስለዚህ በየገጹ 1.5 መተው ያስፈልጋል። 60 ላይ 3 ሲደመር 63፣ መጋዙ ሲጨመር 64.5። ከምላጩ 64 ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም። በመጋዙ ጥበት የተገኘው በገጽ ማጽጃው ይመለሳል። ለ45 ፒን 2.9 ሜትር ገደማ ይፈልጋል፤ በዚህ ላይ የመጋዙ ማሰሪያ የሚያስቀረው ጭራ ይጨመርበታል። የመጋዝ መንገድ የሚያተርፈው በቻክ የሚያዘውን ሦስት ጊዜ 40 ሚሊሜትር ነው። ዋጋው ደግሞ እያንዳንዱን ፒን ሁለት ጊዜ ማሰር ነው፤ 63 ሚሊሜትር ቁራጭ መንጋጋው የያዘበት ጎን ሳይላጥ ስለሚቀር ተገልብጦ ይታሰራል፣ መገናኛውም ላይ መስመር ሊታይ ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ በልክ መረጋገጥ አለበት። ምላጭ ላይ 3 ተብሎ ቢጻፍም የሚቆፍረው ቦይ ሁልጊዜ 3 አይደለም። የተሳለ የብረት ምላጭ ትንሽ ጠመም ብሎ ከታሰረ ቦዩ 3.2 ይሆናል። በ15 ፒን ላይ ይህ 3 ሚሊሜትር ይሆንና ያቺ 1005 ያስገኘችውን ትርፍ ሙሉ በሙሉ ይበላታል። ሥራው ከመጀመሩ በፊት በወዳደቀ ቁራጭ ላይ አንድ ቦይ ቆፍሮ በካሊፐር መለካት፣ ከዚያ የተለካውን ቁጥር ስሌቱ ውስጥ ማስገባት ነው። ዘንጉንም ከመቁረጥ በፊት በሁለቱም ጫፍና መሃል ላይ፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ መለካት ይገባል። ከተፈቀደለት ልክ በታች ሆኖ የመጣ ዘንግ በዚያ ሰዓት ከተገኘ ወደ ሻጩ መመለስ ይቻላል። መጋዙ ካለፈበት በኋላ ግን የሚቀበል የለም።