p = 0.04 ማለት ምን ማለት ነው? (96 በመቶ እርግጠኛ ነን ማለት አይደለም)

ሰሞኑን አንድ ሰው ስለ አዲስ የደም ግፊት መድኃኒት የጻፈውን አነበብኩ። «p = 0.04 ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ የመሥራቱ ዕድል 96 በመቶ ነው» ይላል። ይህችን ዓረፍተ ነገር ከተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ስንት ጊዜ እንደሰረዝኩ ቆጥሬ አላውቅም። ይኸው ደግሞ ተመልሳ መጣች።

አማካይ ምንድን ነው፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን እንዴት ይሰላል የሚለውን እዘለዋለሁ። በቀጥታ ወደ ምሳሌ እንግባ። ቁጥሮቹ ለማስረዳት ያህል እኔው የፈጠርኳቸው ናቸው።

200 የደም ግፊት ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። መቶው መድኃኒቱን ወሰዱ፣ መቶው ደግሞ መልኩ እሱን የሚመስል ግን ምንም የሌለበት ክኒን። ከጥቂት ወራት በኋላ የመጀመሪያዎቹ ግፊት በአማካይ 9 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ወረደ፤ የሌሎቹ 5 ወረደ። ልዩነቱ 4 ነው። የለውጡ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን በሁለቱም ቡድን 14 ስለሆነ የልዩነቱ ስታንዳርድ ኤረር፣ ማለትም ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ ከጥናት ጥናት የሚዋዥቅበት መጠን፣ ወደ 2 ይጠጋል። ሶፍትዌሩ p = 0.04 አለ፤ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉን ደግሞ ከ0.1 እስከ 7.9 አደረገው።

እንግዲህ 0.04 የምትለው ይህን ብቻ ነው፦ መድኃኒቱ ምንም የማይሠራ ቢሆን ኖሮ፣ የ4 ወይም ከዚያ የሰፋ ልዩነት (በየትኛውም አቅጣጫ) በዕጣው አጋጣሚ ብቻ ከ100 ጥናት በ4ቱ ገደማ እናይ ነበር።

«ቢሆን ኖሮ» የምትለዋን አትዝለሏት። ስሌቱ ገና ሲጀምር መድኃኒቱ አይሠራም ብሎ ነው የተነሳው። መነሻው ያደረገውን ነገር እውነት የመሆን ዕድሉ ስንት ነው ብለን ብንጠይቀው ከየት አምጥቶ ይመልሳል?

ግቢ የሚጠብቅ ውሻ አስቡ። ውሻው ጥናቱ ነው፣ ሌባው የሚሠራ መድኃኒት ነው፣ ጩኸቱ ደግሞ p ከተለመደው 0.05 በታች መውረዷ፣ ሲግኒፊካንት የምንለው ነው። ሌባ በሌለበት ሌሊትም ከ100 በ5ቱ ይጮኻል፤ ድመት ያያል፣ ነፋስ ይሰማል። ሌባ ሲመጣ ደግሞ ከ100 በ80ው ይጮኻል፤ በቀሩት እንቅልፍ ይጥለዋል። ዛሬ ሌሊት ጮኸ። ሌባ የመኖሩ ዕድል 95 በመቶ ነው?

ሰፈሩን ሳታውቁ መመለስ አትችሉም። ከ1,000 ሌሊት በ100ው ሌባ የሚመጣበት ሰፈር ከሆነ ውሻው በእነዚያ ሌሊቶች 80 ጊዜ ይጮኻል። ሌባ ባልመጣባቸው 900 ሌሊቶች ደግሞ 45 ጊዜ በከንቱ ይጮኻል። በድምሩ 125 ጩኸት። ከእነዚህ ውስጥ 45ቱ፣ ማለትም 36 በመቶው፣ ሌባ የሌለባቸው ናቸው። ውሻው ያው ነው፤ 5 በመቶውም ያው ነው። ሌባ ከ1,000 ሌሊት በ10ሩ ብቻ የሚመጣበት ሰፈር ብትወስዱት ደግሞ አብዛኛው ጩኸት ከንቱ ይሆናል።

«እኛ ግን 5 በመቶ የስህተት ዕድል ተብለን ነው የተማርነው» የሚለኝ አለ። ልክ ነው፤ ግን የምን 5 በመቶ? ሌባ ከሌለባቸው ሌሊቶች 5 በመቶው እንጂ ከጩኸቶቹ 5 በመቶው አይደለም። ጠቡ ሁሉ የሚነሳው እዚህች ላይ ነው።

ውሻውን ካመጣሁት አይቀር ትንሽ ላሠራው። ዝም ማለቱ ሌባ የለም ማለት አይደለም፤ ተኝቶ ይሆናል። 15 ሰው ብቻ ይዞ p = 0.30 ያገኘ ጥናት «ልዩነት የለም» ብሎ ሲጽፍ የተኛ ውሻ ምስክር አድርጎ ማቅረቡ ነው። ደግሞም ጩኸት የሌባውን ቁመት አይነግርም። ብዙ ሺህ ሰው የያዘ ጥናት ለኢምንት ልዩነትም p = 0.001 ይሰጣል። «እጅግ ሲግኒፊካንት ስለሆነ መድኃኒቱ ኃይለኛ ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ጩኸቱን ሰምቶ የሌባውን ልብስ ሊሰፋ የተነሳ ነው።

ማንም ባይጠይቀኝም አንድ የሙያዬን ነገር ልጨምር። «ቢሆን ኖሮ» ውስጥ መድኃኒቱ አለመሥራቱ ብቻ አይደለም ያለው። ዕጣው በትክክል መውጣቱ፣ ታካሚዎቹ አንዱ ከሌላው ጋር አለመያያዛቸው፣ ማንም መሃል ላይ አለመጥፋቱም አለበት። መድኃኒቱ ራስ እያዞራቸው ያቋረጡ 12 ሰዎች ከስሌቱ ቢወጡ 0.04 ሳትለወጥ ልትቆይ ትችላለች፤ ትርጉሟ ግን ተበላሽቷል። የአንድን ታካሚ ሦስት ልኬት እንደ ሦስት ሰው ቆጥሮ የመጣ ተማሪም አጋጥሞኛል። ፒ-ቫሊዩው በጣም ያምር ነበር።

ወደ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ እንምጣ። ከ0.1 እስከ 7.9።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አነባበብ «95 በመቶ የሚሆኑት ታካሚዎች ግፊታቸው ከ0.1 እስከ 7.9 ይወርዳል» የሚለው ነው። ኢንተርቫሉ ስለ አማካዩ ልዩነት እንጂ ስለ ሰዎቹ አያወራም። መድኃኒቱን የወሰዱት በአማካይ 9 ወርዶላቸዋል፤ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ ግን 14 ነው። ለውጡ የደወል ቅርጽ ካለው ሩብ ያህሉ ጭራሽ ግፊታቸው ጨምሯል ማለት ነው። ተሳታፊዎቹ 20,000 ቢሆኑ ኢንተርቫሉ እጅግ ይጠብባል፤ ሰዎቹ ግን እንደተለያዩ ይቀራሉ።

ሁለተኛው አነባበብ ረቀቅ ይላል፦ «እውነተኛው ልዩነት ከ0.1 እስከ 7.9 ውስጥ የመሆኑ ዕድል 95 በመቶ ነው።» ይህን መምህራንም ይሉታል፤ ስለዚህ በተማሪ ላይ አልጮህም። ግን የስታቲስቲክስ ሊቁ ኔይማን በ1937 ኢንተርቫሉን ሲያስተዋውቅ 95 በመቶዋን የሰጣት ለአሠራሩ ነው። ጥናቱን እንዲሁ ደጋግመን ብንሠራውና በየጊዜው አዲስ ኢንተርቫል ብናወጣ፣ ከ100ው 95ቱ ገደማ እውነተኛውን ቁጥር ይይዙታል። በእጃችን ያለው አንዱ ወይ ይዞታል ወይ አልያዘውም፤ የትኛው እንደሆነ አናውቅም። «የለም፣ የዚሁን የራሱን ዕድል ነው የምፈልገው» ካላችሁ መንገዱ አለ፤ ቤይዢያን ይባላል። እሱም ግን መጀመሪያ ሰፈሩ ስንት ሌባ እንዳለው ንገሩኝ ይላችኋል።

በተግባር ስታነቡት ኢንተርቫሉን «ከመረጃው ጋር ብዙም የማይጣሉ ልዩነቶች ዝርዝር» አድርጋችሁ ውሰዱት። የእኛው ዝርዝር ከምንም የማይሻለውን 0.1 ይዟል፤ ሐኪም የሚደሰትበትን 7.9ም ይዟል። 0.04ን ብቻ ያየ ሰው ይህ ሁሉ ስፋት ያመልጠዋል። ኢንተርቫሉ ከ3.8 እስከ 4.2 ቢሆን ሌላ ወሬ ነበር።

ስለዚህ ውጤቱ ሲጻፍ እንዲህ ቢሆን ደስ ይለኛል፦ «መድኃኒቱን የወሰዱት ግፊት ካልወሰዱት በአማካይ 4 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይበልጥ ወርዷል፤ 95 በመቶ ኮንፊደንስ ኢንተርቫሉ ከ0.1 እስከ 7.9፣ p = 0.04። መረጃው ከኢምንት ጥቅምም ከትልቅ ጥቅምም ጋር ይስማማል።» ይህን የጻፈች ተማሪ ፊቴ ብትቆም ስለ 0.04 አልጠይቃትም። የምጠይቃት «እውነተኛው ልዩነት 0.1 ቢሆን ይህን መድኃኒት ታዝዢዋለሽ?» ብዬ ነው።