ትሪትመንት ምንድን ነው? ገምጋሚዎችስ ምን ይፈልጉበታል?

ትሪትመንት ገና ያልተቀረጸ ዘጋቢ ፊልም በጽሑፍ ሲነገር ነው። ተመልካቹ የሚያየውንና የሚሰማውን ይተርካል። እንደ ኢድፋ በርታ ፈንድ ያሉ ድጋፍ ሰጪዎች ዘንድ ጥሩ ርዕስ ሞልቷል። ገምጋሚው የሚያጣራው ሌላ ነው፦ ለፊልም ሠሪው በሩ ተከፍቶለታል? በያዘው ጊዜና ገንዘብ ይጨርሰዋል? ነገሩንስ ከየት ቆሞ ነው የሚያየው?

ምሳሌ እንውሰድ። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ ነዋሪው ወደተለያየ ሰፈር ሄደ። የአንድ እድር አባላት ተበታትነውም እድሩን አላፈረሱም እንበል። ፊልሙ የእድሩን ጸሐፊ ይከተላል።

እዚህ ላይ ብዙ ትሪትመንት የሚወድቀው «እድሩ ፈቅዶልናል» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ማን ፈቀደ? ምኑን? ኮሚቴው ወርሃዊ ስብሰባውን እንድትቀርጹ ሊፈቅድ ይችላል። ለቅሶ ቤቱ ግን የሐዘንተኛው ነው፤ በየለቅሶው እንደ አዲስ መጠየቅ አለበት። ይህን ለይቶ የጻፈ ሰው ቦታው ላይ እንደነበረ ያስታውቃል። «ጸሐፊው መዝገቡን ከቁምሳጥን ያወጣሉ። አድራሻቸው የተቀየረ አባላትን በእርሳስ ምልክት አድርገውባቸዋል። አንዱ ስም ላይ ሲደርሱ ዝም ይላሉ» ብላችሁ ስትጽፉ ቤታቸው መግባታችሁን ራሱ ትዕይንቱ ይመሰክራል። የኮሚቴው ደብዳቤና ጥቂት ደቂቃ የሙከራ ቀረጻ ቢታከልበት ደግሞ ጥርጣሬ አይኖርም። እምቢ ያለ ሰው ካለም መጻፍ አለበት። እኔ በበኩሌ ሁሉም ሰው እሺ ያለበትን ትሪትመንት አላምንም።

ዕይታ ማለት አስተያየት አይደለም፤ ካሜራው የት እንደሚቀመጥ መወሰን ነው። የዳይሬክተሯ እናት በዚያ መዝገብ ላይ ካሉ፣ ይህ ተደብቆ ሳይሆን ተነግሮ የፊልሙን መልክ መወሰን አለበት። ድንኳን ውስጥ ከተቀመጡት ጋር ትቀመጣለች ወይስ ውጭ ቆማ ታያለች? የሚያለቅስ ፊት በቅርብ ትቀርጻለች? «ስለ ማኅበራዊ ትስስር የሚያወሳ ፊልም» ማለት ለእነዚህ አንዱንም አይመልስም።

አዋጭነቱስ? ሞት ቀጠሮ የለውም። ስለዚህ ፊልሙን ለቅሶ ላይ መመሥረት አይቻልም። ወርሃዊው ስብሰባ ግን ቀኑ ይታወቃል። የአንድ ዓመት ስብሰባ ማለት 12 ቀረጻ ነው። ሁለት ሰው፣ አንድ ካሜራ፣ የትራንስፖርት ወጪ፣ ክረምት ላይ ድንኳን ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ንግግሩን እንዳይውጠው ለየሰዉ የሚታሰር ማይክ፤ በጀቱ ከዚህ ይነሳል። ለቅሶ ከመጣና ቤተሰቡ ከፈቀደ ይጨመራል። ካልመጣም ፊልሙ አይቆምም።

ገምጋሚው አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፦ እድሩ መሃል ላይ ቢፈርስስ? ትሪትመንቱ ቀድሞ ይመልስለት፤ ያን ጊዜ የመጨረሻው ትዕይንት ሒሳብ የሚዘጋበት ስብሰባ ይሆናል፤ ጸሐፊው የቀረውን ገንዘብ ስም እየጠሩ ሲያከፋፍሉ።