የተቋማዊ ባለአክሲዮኖች ዝርዝር ምንድን ነው?

በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ ኩባንያን መረጃ ስናይ፣ ከፍተኛ ድርሻ የያዙ ተቋማትን የሚዘረዝር ሠንጠረዥ እናገኛለን። የተቋሙ ስም፣ የአክሲዮኑ ብዛት፣ ድርሻው በመቶኛ፣ ከጥግ ላይ ደግሞ ቀን አለ። ብዙ ሰው ዓይኑን የሚያሳርፈው በስሙ ላይ ነው። እኔ ግን ከቀኑ እጀምራለሁ።

መረጃው በአብዛኛው የሚወሰደው 13F ከተባለው ቅጽ ነው። ቢያንስ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጡ፣ በቅጹ የሚሸፈኑ አክሲዮኖችን የሚያስተዳድር ተቋም በሩብ ዓመቱ የመጨረሻ ቀን የያዘውን ማሳወቅ አለበት፤ ለዚህም 45 ቀናት ይሰጠዋል። እንግዲህ አንድ ተቋም ታኅሣሥ 31 (እንደ ፈረንጆቹ) 4 ሚሊዮን አክሲዮን ይዞ ዋለ እንበል። ጥር 3 ቀን ሁሉንም ሸጠ። በየካቲት አጋማሽ ቅጹ ሲወጣ 4 ሚሊዮኑ ተጽፎ ይታያል፤ ሽያጩን የሚያሳየው የቀጣዩ ሩብ ዓመት ቅጽ ደግሞ እስከ ግንቦት አጋማሽ ላይደርስ ይችላል። ይህን አይቶ በመጋቢት የሚገዛ ሰው የሚከተለው ከሁለት ወር በፊት የወጣን ባለቤት ነው።

ወደ ስሞቹ ስንመጣ፣ በትልልቅ ኩባንያዎች ዝርዝር አናት ላይ የሰዎችን ገንዘብ የሚያስተዳድሩት ቫንጋርድ፣ ብላክሮክና ስቴት ስትሪት ደጋግመው ይታያሉ። ይህ ኩባንያውን መርጠውታል ማለት አይደለም። አብዛኛው ይዞታቸው የኢንዴክስ ፈንድ ነው፤ ኢንዴክስ በተወሰነ መስፈርት የተመረጡ ኩባንያዎች ዝርዝር ነው፤ ፈንዱ በኢንዴክሱ ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች እንደየክብደታቸው ይገዛል። ቆጣቢዎች አዲስ ገንዘብ ሲያስገቡ የአክሲዮኑ ቁጥር ይጨምራል፤ ኩባንያው ከኢንዴክሱ ከወጣ ደግሞ ወደዱትም ጠሉትም ይሸጡታል። «ብላክሮክ 300 ሺህ አክሲዮን ጨመረ» የሚለው ዜና ብዙ ጊዜ ስለ ኩባንያው የሚነግረን ነገር የለም። አክሲዮኑም የደንበኞቻቸው ገንዘብ እንጂ የራሳቸው ሀብት አይደለም።

በጣም የሚያሳስበኝ የማይታየው ወገን ነው። 13F አክሲዮን ተበድሮ በመሸጥ ዋጋው እንዲወድቅ የሚጠብቅን ሰው ይዞታ አያሳይም። የተቋማቱ ድርሻ ድምር አንዳንዴ ከ100 በመቶ የሚያልፈውም በከፊል በዚሁ ምክንያት ነው። 100 ሚሊዮን አክሲዮን ካለው ኩባንያ ተቋማት 90 ሚሊዮኑን ይዘው፣ ከዚያ ላይ 15 ሚሊዮን ቢያበድሩና የተሸጠውን ሌሎች ተቋማት ቢገዙት፣ አበዳሪውም ገዢውም ያንኑ አክሲዮን ይመዘግባሉ። ድምሩ 105 ሚሊዮን ይሆናል፤ ስህተትም ማጭበርበርም የለበትም።

ታዲያ ምን ይነግረናል? በራሱ ጥናት የሚመርጥ ተቋም በሦስት ተከታታይ ሩብ ዓመታት 2 ሚሊዮን፣ 3 ሚሊዮን፣ ከዚያም 4 ሚሊዮን አክሲዮን ሲይዝ ካየን፣ ይህ ታስቦበት የተደረገ ግዢ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ የኢንዴክስ ፈንዶቹን ወደ ጎን ትቼ፣ የቀሩትን ስሞች ካለፉት ሩብ ዓመታት ቁጥራቸው ጋር አስተያያለሁ።